ጎኑ ላይ ሦስት ሺህ የተጻፈበት ኢንቨርተር

ስለዚያ ኢንቨርተር ሰው በጠየቀኝ ቁጥር ንዴቱ እንደ አዲስ ይነሳብኛል። ከማን ጋር እንደተጣላሁ ግን በደንብ አላውቅም። ግማሹ ንዴት የሱቁ ባለቤት ነው፤ ግማሹ የራሴ ነው። የራሴው ይብሳል።

አርባ ምንጭ የመጣሁት ለትምህርት ነው። ከደብረ ማርቆስ ተነስቼ፣ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተንገላትቼ፣ ይህን ሙቀት አምስት ዓመት ችዬ በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመረቅሁ። ከዚያ በኋላ ሥራ ፍለጋ እዚሁ ቀረሁ። ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሜ ስም ስፈልግ፣ ፈተና ስቀመጥ፣ «እንደውልልሻለን» ስባል ዓመት አለፈ። በመጨረሻ ሲቀላ በሚባለው የከተማው ክፍል አንድ የሶላር ዕቃ መሸጫ ተቀጠርሁ። ሥራዬ ደንበኛ የገዛውን ዕቃ ቤቱ ድረስ ሄዶ መግጠም ነበር።

ባለቤቱ አርባዎቹን የተሻገረ፣ ምላሱ የጣፈጠ ሰው ነው። ሞባይልና ቻርጀር ሲሸጥ ኖሮ፣ የመብራት መጥፋቱን አይቶ ወደ ሶላር የዞረ ነጋዴ። ዕቃውን ያውቃል፤ ኤሌክትሪክን ግን አያውቅም። አለማወቁን ደግሞ አያውቅም። ደንበኛ ፊት «መሐንዲሷን እንጠይቃት» ይላል፤ ደንበኛው ሲወጣ «ተማሪዋ» ይለኛል።

አንድ ረፋድ ላይ አንዲት ሴት ከከተማው ወጣ ካለችው ላንቴ መጣች። ዕድሜዋ ወደ አርባ አምስት ይሆናል፤ ጋሞ ናት፤ አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ ፈጣን፣ ቀጥተኛ፣ ወንድና ሴት አንዳንዴ የሚቀያየርበት። በእጇ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ይዛለች። የፍሪዘሯንና የውሃ ፓምፗን ቁጥር ልጇን አስጽፋ ነው የመጣችው።

«አምስት ሴቶች ነን» አለች። «ከሐይቁ አሳ እንገዛለን፤ እንበልታለን፤ እኔ ቤት ፍሪዘር ውስጥ እናስቀምጣለን፤ ለሆቴሎች እንሸጣለን። መብራት ይጠፋል። ትናንት ጠፋ፤ ከትናንት ወዲያም ጠፋ። አሳ አይታገስም። ፓምፑ ደግሞ ከጉድጓድ ውሃ ወደ ታንከር ያወጣል፤ አሳው የሚታጠበው በሱ ነው፤ ሙዜም የሚጠጣው ከሱ ነው። ሁለቱን የሚችል ስጠኝ።»

ባለቤቱ ወረቀቱን ተቀበለና ሂሳብ ማሽኑን ሳበ። ፍሪዘሩ ሁለት መቶ ዋት ይላል። ፓምፑ ዜሮ ነጥብ ሰባ አምስት ኪሎዋት ይላል፤ ሰባት መቶ ሃምሳ ማለት ነው። ደመረ። ዘጠኝ መቶ ሃምሳ። ከዚያ ከመደርደሪያው ላይ የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረውን ኢንቨርተር ከነካርቶኑ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ዘፍ አደረገው። የካርቶኑ ጎን ላይ 3000 የሚል ቁጥር በቀይ፣ ከሩቅ እንዲነበብ ሆኖ ተጽፏል።

«ይኸው እናቴ፣ ሦስት ሺህ ነው። ከሚያስፈልግሽ ሦስት እጥፍ። ከነትርፉ።»

እኔ የዚያን ዕቃ መመሪያ አንብቤዋለሁ። ሥራ ስፈታ የማነበው ሌላ ነገር ስላልነበረኝ የሱቁን መመሪያዎች በሙሉ አንብቤ ነበር። ሦስት ሺህ ማለት ዕቃው ለዓይን ጥቅሻ ያህል ብቻ የሚችለው ከፍታ ነው። ሳያቋርጥ ተሸክሞ የሚውለው አንድ ሺህ አምስት መቶ ነው። ይኼ በመመሪያው አራተኛ ገጽ፣ ሰው እንዳያነበው የተመረጠ በሚመስል ደቃቃ ፊደል ተጽፏል። ካርቶኑ ላይ ግን የለም።

የፓምፑም ቁጥር እንዲሁ በየዋህነት የሚነበብ አይደለም። ዜሮ ነጥብ ሰባ አምስት ሞተሩ በዘንጉ የሚሰጠው ጉልበት ነው፤ ከሽቦ የሚበላው አይደለም። ያንን ለመስጠት አንድ ሺህ አንድ መቶ፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ዋት ይበላል። ይህም ከተነሳ በኋላ ነው። የቆመ ሞተር ሲነሳ ሌላ ፍጡር ነው። እየዞረ ያለ ሞተር ራሱ መልሶ የሚገፋ ቮልቴጅ ስለሚፈጥር የሚስበውን ይገድባል። የቆመ ሞተር ግን ያ የለውም፤ የመዳብ ሽቦ ብቻ ነው። ስለዚህ እስኪዞር ድረስ የተለመደውን አምስት ስድስት እጥፍ ይውጣል። ግማሽ ሰከንድ ነው፤ ቢበዛ አንድ። ለአገር መብራት ግማሽ ሰከንድ ምንም አይደለም፤ አምፖሉ ትንሽ ፈዘዝ ብሎ ይመለሳል። ለትንሽ ኢንቨርተር ግን ያ ግማሽ ሰከንድ ሞት ነው። የፍሪዘሩም መጭመቂያ ሞተር ነው፤ እሱም ሲነሳ እንደዚያው ያደርጋል።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ተፈትኜበታለሁ።

«ጋሼ፣» አልኩ፣ «ፓምፑ ሲነሳ እኮ የሚስበው...»

«ተማሪ አትሁኚብኝ!» አለ እየሳቀ፣ እኔን ሳይሆን እሷን እያየ። «እነዚህ ልጆች ሁሉን ነገር ከመጽሐፍ ነው። እኔ ስንት ቤት አስገጥሜያለሁ!»

ሴትዮዋ አልሳቀችም። ወደ እኔ ዞረችና «ምን ልትል ነበር ልጄ?» አለችኝ።

እዚህ ጋ ነው። ይህችን ደቂቃ ነው መልሼ መላልሼ የማያት። ጠይቃኛለች። ዓይኔን እያየች፣ ጊዜ ሰጥታ ጠይቃኛለች። ከእኔ የሚጠበቀው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ይህ አይበቃዎትም የሚል። እኔ ግን የቤት ኪራዩን አሰብኩ፤ ሥራ ስንት ወር እንደፈለግሁ አሰብኩ፤ ባለቤቱ ትልቁ ኢንቨርተር ውድ ስለሆነ ደንበኛ ያሸሻል እያለ በየቀኑ የሚዘፍነውን አሰብኩ።

«ምንም እናቴ» አልኩ።

በማግስቱ ለመግጠም ላንቴ ሄድሁ። ቤቷ ከዋናው መንገድ ብዙም አይርቅም፤ ከኋላው ሙዝ፣ ከጎኑ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ በብረት መቆሚያ ላይ የውሃ ታንከር። ፓነሎቹን ቆርቆሮው ላይ አሰርሁ፤ ባትሪዎቹን ጥግ አስቀመጥሁ፤ ፍሪዘሩንና ፓምፑን ከኢንቨርተሩ ጋር አገናኘሁ። ታንከሩ ውስጥ ውሃው ሲጎድል ፓምፑን ራሱ የሚያስነሳ፣ ሲሞላ የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ነበር። ይህን አስተውሉ፤ ፓምፑ የሰው እጅ አይጠብቅም ነበር።

እሷና ጓደኞቿ ውጭ አሳ ሲበልቱ እኔ ቆጣሪውን አጠፋሁና በኢንቨርተሩ ብቻ ሞከርሁ። ፍሪዘሩ ይሠራል። ፓምፑን አስነሳሁ። ሞተሩ «እምምም» አለ፤ አልዞረም። ኢንቨርተሩ ጮኸ፤ ቀይ መብራቱ በራ፤ ሁሉም ነገር ጭጭ አለ። ፍሪዘሩም አብሮ። ትንሽ ቆይቼ ደገምሁ። ያው ነው።

ደወልሁለት። «አያስነሳም ጋሼ። ፍሪዘሩንም ይዞት ይወድቃል።»

«መብራት አለ ወይ እዚያ?»

«አለ።»

«በቃ ቆጣሪውን መልሺ። ፓምፑን በመብራት አስነሺው። ሲዞርልሽ ቆጣሪውን አጥፊ። ይይዘዋል። አሳያትና ነይ።»

ገባኝ። ወዲያው ነው የገባኝ። ማስነሳቱን የአገር መብራት ይሠራል፤ ኢንቨርተሩ የሚረከበው አስቀድሞ የሚዞር ሞተር ነው። የሚዞረው ሞተርና ፍሪዘሩ ተደምረው ከአንድ ሺህ አምስት መቶው አይበልጡም፤ ስለዚህ ይሸከማል። ማታለያ መሆኑን አውቃለሁ። አውቄ አደረግሁት። ሴቶቹን ጠራሁ፤ ፓምፑን በመብራት አስነሳሁ፤ ቆጣሪውን ቀጭ አድርጌ አጠፋሁ። ፓምፑ አልቆመም። ውሃው ታንከሩ ውስጥ ሲወርድ ይሰማል፤ ፍሪዘሩ ያጉረመርማል። ሴቶቹ እልል አሉ። ባሏ በቅርብ የሞተባት አንዷ ጓደኛቸው እንኳ በነጠላዋ ውስጥ ሆና አጨበጨበች።

መሣሪያዬን ስሰበስብ ጎንበስ እንዳልሁ «መብራት ሲጠፋ ፓምፑን ባያስነሱት ይሻላል» አልኩ። «እሺ ልጄ» አለች። ተንሳፋፊው ራሱ እንደሚያስነሳው አልነገርኳትም። ለምን ብለው ሰዎች ይጠይቁኛል። ከነገርኋት የሚቀጥለውን ትጠይቃለች፤ ከጠየቀች ደግሞ ሁሉንም ልነግራት ነው። ለዚህ ነው።

ሦስት ሳምንት ያህል ምንም አልተሰማም። መብራት ሲጠፋ ለአጭር ጊዜ ነበር፤ ታንከሩም በአጋጣሚ ሙሉ ሆኖ ይገኝ ነበር። ከዚያ ራቅ ባለችው ካምባ የሚኖር ወንድሟ ሞተ። ለቅሶ ወጣች። ሴቶቹ ስለ አሳው ሲጠይቋት «ሶላሩ አለ አይደል? ምን ትሆናላችሁ» ብላ፣ ቤቷን ቆልፋ፣ ቁልፉን በአንገቷ አስራ ሄደች። ፍሪዘሩ አፉ ድረስ ሙሉ ነበር፤ የአምስቱም ሥራ።

በሄደች ቀን የሠፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጠለ። አራት ቀን መብራት አልነበረም።

አራተኛው ቀን ላይ ስትመለስ ሽታው መንገድ ላይ ተቀበላት።

ወደ ሱቁ የመጣችው በማግስቱ ነው። ጥቁር ለብሳለች። ከኋላዋ ከአራቱ ሴቶች አንዷ፣ ረጅሟና ድምፀ ትልቋ፣ አብራት መጥታለች። ለማገዝ ግን አልነበረም። ለመመስከር ነው። ሠፈር ውስጥ ወሬው ተነስቷል፤ ባትሪው ስትመለስ ለቴሌቪዥኗ እንዲቆይላት ብላ ፍሪዘሩን ነቅላው ሄደች የሚል። ለዓመታት አብረው አሳ የበለቱ ሴቶች ናቸው እንግዲህ። ሌባ አላሏትም፤ ቃሉን እየዞሩት ነበር።

«ዕቃህ አሳዬን ገደለ» አለች ለባለቤቱ። ድምጿ አይጮኽም።

እሱ እንኳን ሊያዝን፣ ከወንበሩም አልተነሳም። «ከአቅሙ በላይ ጭነሽበት ነው እናቴ። ቀይ ነው የሚያበራው አይደል? በቃ። ሌላ ነገር ሰክተሻል። ምጣድ ይሁን፣ ምን ይሁን እኔ አላውቅም። ዕቃው ደህና ነው። ሲገጠም ሠርቷል፤ አይተሻል።»

ረጅሟ ሴት በጋሞኛ አንድ ነገር አለቻት። ትርጉሙን አላውቀውም፤ ፊቷ ላይ ግን አነበብሁት። ሰማሽ? ነው የሚለው። ሌላ ነገር ሰክተሻል።

ያኔ ደሜ ፈላ። ያቺ ሴት ወንድሟን ቀብራ፣ አሳዋ በስብሶ፣ ስሟ ደግሞ እዚህ ወንበር ላይ በተቀመጠ ሰው አፍ ሲበሰብስ ቆሜ አየሁ።

«ምንም አልሰካችም!» አልኩ። ከመደርደሪያው ጀርባ ወጣሁ። «ጋሼ፣ ምንም እንዳልሰካች እርስዎም ያውቃሉ። ፓምፑ ነው። ፓምፑን ማስነሳት አይችልም። የዚያን ቀን ደውዬ ነግሬዎታለሁ።»

«ግቢ ወደ ውስጥ» አለኝ።

«አልገባም።»

«ተማሪ! ግቢ ብያለሁ!»

«ተማሪ አይደለሁም። የተመረቅሁ ነኝ» አልኩ። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል፤ በዚያች ሰዓት ስለራሴ ነበር ያወራሁት። ቢሆንም ከጠረጴዛው ሥር የሽቦውን ፍሰት ሳይቆርጡ የሚለኩበትን መቆንጠጫ መለኪያ አወጣሁ፤ የራሴ ነው፤ ስመረቅ ወንድሜ የገዛልኝ። የኢንቨርተሩን መመሪያም ከካርቶን ውስጥ መዘዝሁ። «እንሂድ» አልኳቸው። ባጃጅ ይዘን ወጣን። ከኋላዬ ምን እንዳለ አልሰማሁም፤ ሥራዬን ግን እንዳጣሁት ቆጥሬዋለሁ።

ላንቴ ላይ ነገሩ ወደ ሽማግሌዎች ሄዶ ነበር። የሴቶቹ ጠብ ቤት ለቤት እየሆነ ስላስቸገረ ሦስት ሽማግሌዎች በማግስቱ እሷ ግቢ ማንጎው ሥር ሊቀመጡ ተቀጣጥረዋል። እነሱው ናቸው ባለቤቱን ያስጠሩት። እኔ ብጠራው አይመጣም ነበር፤ ግን ከላንቴና ከጎረቤቷ ከጫኖ የሚመጣ ገበሬ ግማሽ ደንበኛው ነው፤ ሽማግሌ ጠርቶት ቢቀር ማን ይገዛለታል? ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጣ።

በዚያን ቀን መብራት ተመልሶ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሁለቱን ወገን ሰሙ። ከዚያ አንደኛው፣ በወጣትነቱ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው፣ «ልጅቷ ታሳይ» አለ።

የፓምፑን አንዱን ሽቦ በመለኪያው ቆንጥጬ ያዝሁ። የመነሻውን ከፍታ ይዞ እንዲያስቀምጥ አስተካከልሁት። «ይህ ቁጥር ሞተሩ የሚስበው ነው» አልኩ። በአገር መብራት አስነሳሁ። ሠላሳ አንድ አምፔር። ሁሉም ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ እየዞረ ያለውን ለካሁ። ስድስት እንኳ አይሞላም።

«እንዴት ነው አንዱ ሞተር ሁለት ቁጥር የሚኖረው?» አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

«መኪና ነዋ!» አለ ሹፌር የነበረው፤ እኔን አልጠበቀም። «ጭቃ የያዘውን መኪና ለማንቀሳቀስ አሥር ሰው ትጠራለህ። ከተንቀሳቀሰ በኋላ ሁለት ሰው ይገፋዋል። እሱ አሁን የሸጠላት ሁለቱን ሰው ነው።»

ባለቤቱ የሸሚዙን እጅጌ ማስተካከል ጀመረ።

«አሁን ያለ መብራት» አልኩና ቆጣሪውን አጠፋሁ። ፍሪዘሩ በኢንቨርተሩ እየሠራ ነው። ከታንከሩ ውሃ እንዲፈስ ቧንቧውን ከፈትን፤ ተንሳፋፊው ራሱ እስኪያስነሳው ጠበቅን። ማንም ፓምፑን አልነካም። ሁሉም ያያል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሞተሩ «እምምም» አለ፤ ኢንቨርተሩ ጮኸ፤ ቀይ በራ፤ ፍሪዘሩ ቆመ።

«ቆዩ» አልኩ። «አላለቀም።»

ያ ኢንቨርተር ሲወድቅ ራሱን መልሶ ይሞክራል፤ ሦስት ጊዜ። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ተነሳ። ፓምፑ አሁንም ውሃ ይፈልጋል፤ እንደገና ሳበው። ፍሪዘሩም ሊነሳ ሞከረ፤ ግን መጭመቂያ ሲቆም ውስጡ ያለው ግፊት እስኪረግብ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል፤ ወዲያው ሲያስነሱት ግፊቱን መግፋት ያቅተውና ተቆልፎ ያቃስታል። ሁለት የተቆለፈ ሞተር በአንድ ትንሽ ዕቃ ላይ። ጮኸ፤ ወደቀ። ሦስተኛው ጊዜም እንዲሁ። ከዚያ ኢንቨርተሩ ተስፋ ቆረጠ፤ ሰው መጥቶ ማብሪያውን ካልነካው በስተቀር አይነሳም።

«እኚህ እናት ካምባ ነበሩ» አልኩ። «የሚነካው ሰው አልነበረም። ሙዙ ጠጥቶ ታንከሩ ሲጎድል ይህ ነው የሆነው። ፍሪዘሩን ማንም አልነቀለውም።»

ረጅሟ ሴት መሬት መሬት ታይ ነበር። ከአራተኛው ገጽ ደቃቃዋን ጽሑፍ አነበብሁላቸው፤ ሳያቋርጥ አንድ ሺህ አምስት መቶ፤ ሦስት ሺው ለጥቅሻ ብቻ።

ባለቤቱ ያኔ ነበር የመጨረሻውን ካርዱን የመዘዘው። «እሺ። ታዲያ በተገጠመ ቀን ያለ መብራት ሲሠራ አላያችሁም? እናንተ ናችሁ እልል ያላችሁት! ያኔ ሠርቶ ዛሬ እንዴት እምቢ አለ? አበላሽታችሁታል ማለት ነው።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እውነት ነው፤ አይተዋል። ሽማግሌዎቹም ወደ እኔ ዞሩ። መልሱ እኔው ነበርኩ።

«አታለልኋችሁ» አልኩ።

ቆጣሪውን መለስሁ። ኢንቨርተሩን ከውድቀቱ አነሳሁት። ፓምፑን በመብራት አስነሳሁ፤ እየዞረ ቆጣሪውን አጠፋሁ። ቀጠለ። «ያን ቀን ያሳየኋችሁ ይህንን ነው። ያስነሳው መብራቱ ነበር። ከዚያ በፊት እናንተ ውጭ ሳላችሁ ሁለት ጊዜ ሞክሬ እምቢ ብሎኛል። እሳቸውም ያውቃሉ፤ በስልክ እንዲህ አድርጊ ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ያደረግሁት ግን እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ ተነስታ አጠገቤ መጣች። ስትናደድ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም።

«አንተ ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

«አውቅ ነበር።»

«ሱቁ ውስጥ ጠየቅሁህ። ምን ልትል ነበር አልኩህ። ምንም አልክ።»

«አዎ።»

አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ወደ ባለቤቱ ዞረችና «እሱ ነጋዴ ነው» አለች፤ «ነጋዴ ይዋሻል። አንተ ግን የተማርክ ነህ።» ሄዳ ተቀመጠች።

ሽማግሌዎቹ የፈረዱት አጭር ነው። ዕቃው ይቀየር፤ የሚበቃውን ልጅቷ ትጻፍ፤ የአሳውን ጉዳት ባለ ሱቁ ይካፈል፤ ሴቶቹም ያወሩትን ይመልሱ። ሴቶቹ እዚያው ይቅርታ ጠየቁ። ረጅሟ የመጨረሻዋ ነበረች፤ እሷም ቆማ ሳይሆን ተቀምጣ ነው የጠየቀችው። የላንቴ ሰው ይቅር ለመባባል ያውቅበታል። እኔ ደብረ ማርቆስ ያደግሁት አላውቅበትም፤ ባለቤቱ እጁን ሲዘረጋልኝ አልጨበጥሁትም።

ወረቀት ላይ የጻፍሁት እንዲህ ነው። ፓምፑ ሲነሳ ሠላሳ አንድ አምፔር፤ በሁለት መቶ ሃያ ቮልት ስናባዛው ወደ ሰባት ሺህ ይጠጋል። በዚያችው ቅጽበት ፍሪዘሩም ቢነሳ ሁለት ሺህ ያህል ይጨመርበታል። ስለዚህ ሳያቋርጥ አምስት ሺህ የሚሸከም፣ ሲነሳ ደግሞ ከአሥር ሺህ በላይ ለጥቂት ሰከንድ የሚችል፤ ያውም ውስጡ ከባድ የብረትና የመዳብ ትራንስፎርመር ያለበት ዓይነት፤ ቀላሎቹ ያን ያህል ጊዜ አይታገሡምና። ባትሪዎቹም እንዲበቁ፤ የባትሪው ገመድ እንደ አውራ ጣት ወፍራምና አጭር እንዲሆን፤ አለዚያ በመነሻዋ ሰከንድ ቮልቴጁ ወርዶ ኢንቨርተሩ ባትሪ አለቀ ብሎ ይዘጋል። ለፍሪዘሩም መብራት ሄዶ ሲመለስ አምስት ደቂቃ የሚያስጠብቅ መከላከያ።

ባለቤቱ ወረቀቱን አንብቦ «ይህ ሁሉ ለአንድ ፓምፕ!» አለ። አዎ፤ ይህ ሁሉ ለአንድ ፓምፕ።

ዕቃው ሲመጣ ሁለት ሰው ነው ተሸክሞ ያወረደው። የገጠምሁት እኔ ነኝ፤ እሷ ናት ሌላ ሰው አይገጥምም ያለችው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ስጨርስ «መብራቱን አጥፋ» አለችኝ። አጠፋሁ። «አሁን ከማብሪያው ዞር በል።» ዞር አልሁ። በራሷ እጅ ፓምፑን አስነሳች። ተነሳ። ኢንቨርተሩ አጉረመረመ እንጂ አልጮኸም። አጠፋችው፤ ትንሽ ቆይታ እንደገና አስነሳችው። እንደገና። አሥር ጊዜ። በየመሃሉ ፍሪዘሩ ላይ ጆሮዋን ታደርጋለች። አሥረኛው ላይ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና «ይበቃል፣ ሂጂ» አለችኝ። ያን ጊዜ ጾታው አልጠፋባትም።

ከሱቁ ወጣሁ፤ እሱ ሳያባርረኝ። አሁን በግሌ ነው የምሠራው፤ ሴቻ በሚባለው ላይኛው ከተማ ትንሽ ክፍል አለችኝ። ሰው ኢንቨርተር ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ዋት እንደሚፈልግ አይደለም፤ የሚዞር ነገር አለህ ወይ ነው። ፍሪጅ፣ ፓምፕ፣ ወፍጮ። ካለው ሄጄ ሲነሳ ካልለካሁት አልሸጥለትም። ብዙዎቹ ይናደዳሉ። ባለፈው ሳምንት የጫኖ ገበሬ «ሲቀላ ያለው ሰውዬ ጋ በግማሽ ዋጋ ሦስት ሺህ አለ» ብሎኝ ሄደ። ተከትዬው እስከ አስፋልቱ ወጣሁ፤ መለኪያዬን ይዤ፣ ሰው እያየኝ፣ በነፃ ልለካልህ እያልሁ። ባጃጅ ውስጥ ገባና ሄደ።

ያ ሱቅ ዛሬም ክፍት ነው። ካርቶኖቹም መስኮቱ ላይ ተደርድረዋል።